ያላጠናሁትን ቢጠይቁኝስ?

«የአካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ። ዓይናፋር ስለሆንኩ የኢንተርቪው መልሶቼን በቃሌ እይዛለሁ። ያላጠናሁትን ሲጠይቁኝ ግን አንደበቴ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛነት ያመለከተች አንዲት ዓይናፋር ልጅ ነበረች። የሸመደደችውን ወረቀት ይዛ ስትመጣ ወደ ጎን አደረግነውና ሌላ ነገር አጻፍኳት። በልምምድ ጊዜዋ በእጇ የሠራቻቸውን አምስት ሥራዎች። ምን ችግር ገጠማት? መጀመሪያ ምን አየች? ካልሆነ ወዴት ሄደች? ቁልፍ ቃላት ብቻ እንጂ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አልፈቀድኩላትም።

የኢንተርቪው ቀን ደረሰ። ከፊቷ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ይሉኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ዳር ያሉት ሴትዮ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉላትና «ትራያል ባላንሱ በ270 አልገጠመም። ከየት ትጀምሪያለሽ?» አሏት።

ፊቷ ቀላ። «አንዴ ላስብበት» አለችና እስክሪብቶ አነሳች። ይህቺን ቃል አብረን ተለማምደናታል። አንገቷን እንደደፋች፣ ድምጿ እምብዛም ሳይሰማ ጀመረች።

«ልዩነቱን ለ9 አካፍላለሁ። 30 ይመጣል፣ ቀሪ የለውም። ስለዚህ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። 520 የነበረው 250 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ 270 ነው። እሱን ካጣሁ ለ2 አካፍዬ 135ን እፈልጋለሁ። ዴቢት የሚደረገው ክሬዲት ተደርጎ ከሆነ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል።»

«ሁለቱም ባይሆንስ?» አሏት ሴትዮዋ።

ይሄኛው ማስታወሻዋ ላይ አልነበረም። ትንሽ ቆየችና «በ9 መካፈሉ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። 270 ራሱ በአንድ በኩል ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ከሌጀሩ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ነው። ሌላ አቋራጭ አላውቅም» አለች።

ሥራውን አገኘች። ለእኔ ከመልሷ ሁሉ ጠንካራው የመጨረሻው ነው። ጠያቂዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያመጡት ስህተቱን እዚያው እንድታገኝላቸው አይደለም። ምን አስቀድመህ፣ ምን አስከትለህ እንደምታይ ማየት ይፈልጋሉ። የማያውቁትን ለመሸፈን የተቀባባ መልስ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጋለጣል።

ቀስ ብሎ መናገር አይጎዳህም። የሚጎዳህ ሳይናገሩ ዝም ማለት ነው፤ እያሰብክ ይሁን ጠፍቶህ አያውቁማ! «አንዴ ላስብበት» ስትል ግን ይጠብቁሃል። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነም መልሰህ ጠይቅ፤ «ልዩነቱ የዚህ ወር ነው ወይስ የቆየ?» ማለት በራሱ የሥራ ጥያቄ ነው።

አሁን የራስህን አምስት ሥራዎች ጻፍ። ከዚያ የክፍል ጓደኛህን ጥራና ማስታወሻህን ሳታሳየው እያንዳንዱ ላይ «ይሄ ባይሠራስ?» እያለ ይጠይቅህ። ጮክ ብለህ መልስለት። የተደናቀፍክበትን ምልክት አድርግና በማግስቱ ከዚያው ጀምር።