አዲስ ኖታ ሲያጋጥም መጀመሪያ ምን ይታያል?

«አዲስ ኖታ ሲሰጡኝ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ እጠፋለሁ። ከመጀመሬ በፊት ምን ልይ?»

የፔትዞልድን ሚኑዌት በጂ ሜጀር እንውሰድ። መነሻው ላይ አንድ ሻርፕ አለ፤ ስለዚህ ወይ ጂ ሜጀር ነው ወይ ኢ ማይነር። የግራ እጁን የመጨረሻ ኖታ እይ፣ ጂ ላይ ካረፈ ሜጀር ነው። ከዚያ ኤፍ ሻርፕን ፈልግ። በቀኝ እጅ መጀመሪያ የምትመጣው ሦስተኛው ባር ላይ ነው፣ ጣትህ የሚስተውም እዚያው ነው።

ቀጥሎ ሪትሙ። 3/4 ነው፤ የመጀመሪያው ባር አንድ ኳርተርና አራት ኤይት ኖት አለው። ፍጥነትህን የሚወስኑት አራቱ ናቸው፣ እነሱን ጠረጴዛ ላይ ሳትደናቀፍ መምታት እስክትችል ድረስ ቴምፖውን ዝቅ አድርግ። ሦስተኛው ባር ሪትሙ ያው ነው፣ አራቱም ተከታትለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ እያልክ አንድ በአንድ ከምትለቅም እንደ አንድ ቃል አንብባቸው።