ሰርዣለሁ፣ ግን አሁንም ይቆርጡብኛል

«ሰብስክሪፕሽኔን ከሰረዝኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ድርጅቱ ግን በየወሩ ከካርዴ ይቆርጣል። ኢሜይልም አይመልሱም። ባንኬን ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ምክንያትሽን ነው። እዚያ ላይ «ክፍያውን አላውቀውም» የሚለውን እንዳትመርጪ። እኔ የተሸወድኩት እሱ ላይ ነው።

የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ በወሩ 4ኛ ቀን ሰረዝኩ፤ በ19ኛው ቀን ቆረጡ። ተናድጄ «አላውቀውም» አልኩ። ባንኩ እንደ ማጭበርበር አየው። ካርዴን ዘግቶ አዲስ ሰጠኝ፣ ገንዘቡንም ለጊዜው መለሰልኝ። ድርጅቱ ግን የቀደሙትን ወራት ክፍያዎቼንና የገባሁባቸውን ቀናት አቀረበ። ደንበኛቸው እንደነበርኩ ስለታየ ገንዘቡ ተመልሶ ተወሰደ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ከአዲሱ ካርድ ቆረጡ! ለካ ቪዛና ማስተርካርድ የካርድ ቁጥር ሲቀየር አዲሱን በየጊዜው ለሚያስከፍሉ ድርጅቶች የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው። ስለዚህ ካርድ መቀየር ብቻውን አያድንም።

ለሁለተኛው ክፍያ «የሰረዝኩት ተደጋጋሚ ክፍያ ነው» አልኩ። ይህ ራሱን የቻለ የቅሬታ ዓይነት ነው፤ በቪዛ መለያ ቁጥሩ 13.2 ነው። ክርክሩ የሚያርፈው ሁለት ቀኖች ላይ ነው፦ የሰረዝሽበትና የቆረጡበት። እኔ የመሰረዣውን ገጽ ስክሪንሾት ቀኑ እንዲታይ አድርጌ፣ የላክሁላቸውን ኢሜይል፣ ከባንክ ስቴትመንቱም ክፍያው የሚታይበትን መስመር አያያዝኩ። ከላይ «በ4ኛው ቀን ሰረዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ቆረጡ» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ተመለሰልኝ።

የመሰረዝሽ ማስረጃ ከሌለሽ ዛሬውኑ «ከካርዴ እንድትቆርጡ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ» ብለሽ ኢሜይል ላኪ። ያለፈውን ላያስመልስልሽ ይችላል፤ ለሚቀጥለው ግን ቀን ይኖርሻል። ውላቸውንም እይው። አንዳንዱ ከመክፈያው ቀን በፊት ይህን ያህል ቀን አስቀድመሽ አሳውቂ ይላል፤ ዘግይተሽ ከሆነ በዚያ ነው የሚከራከሩሽ።

ክፍያው ገና «ፔንዲንግ» ከሆነ እስኪያልቅ ጠብቂ፤ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ቅሬታ አይቀበሉም። ግን ብዙ አትቆዪ። በቪዛና በማስተርካርድ የተለመደው ገደብ ክፍያው ከተፈጸመ 120 ቀን ነው፤ ባንክሽ ከዚያ ያነሰ ሊሰጥሽ ይችላል። የሁለቱንም ወር ክፍያ ለየብቻ አስመዝግቢ፤ አንዱን ብቻ ከጠቀስሽ ሌላው ይቀራል። ከመሰረዝሽ በፊት የተቆረጠውን ግን አትጨምሪበት፤ የቀረውንም ጥያቄሽን ያዳክምብሻል።

ለባንኩ ስትደውዪ በዚያው ሌላም ነገር ጠይቂ፦ ድርጅቱ ወደፊት እንዳይቆርጥ እንዲያግዱልሽ። ቅሬታው ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያቆምም። ስሙን ስትነግሪያቸው ከስቴትመንትሽ ላይ እንዳለ አንብቢላቸው። የእኔው መተግበሪያ ስሙ ሌላ፣ ስቴትመንት ላይ የሚወጣው ስም ሌላ ነበር። የመጀመሪያው እገዳም በዚሁ ምክንያት ሳይሠራ ቀረ።