የካቲትን ትተሽ ጥርን ያዢ

«ጋሼ ሰላም ነው? አካውንቲንግ ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ባህር ዳር ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለኮስት ኮንትሮል ጁኒየር ፈትኖኝ ነበር። የመብራት ሂሳብ ከተሸጠ ክፍል ብዛት ጋር ሰጥተው ፊክስዱንና ቫሪያብሉን በሃይ-ሎው ለዩ አሉን። ሐምሌ 400 ክፍል 50,000 ብር፣ መስከረም 620 ክፍል 61,400፣ ጥቅምት 700 ክፍል 64,300፣ ኅዳር 760 ክፍል 68,900፣ ታኅሣሥ 840 ክፍል 72,600፣ ጥር 1,100 ክፍል 85,000፣ የካቲት 780 ክፍል 88,000። ታሪፉ አንድ ነው ብላችሁ ያዙ ብለዋል። እኔ ቫሪያብሉ በክፍል 100 ብር፣ ፊክስዱ በወር 10,000 ብር አልኩ። ፈታኙ አየት አደረገና ‹ሐሙስ በቃል እንነጋገርበታለን› አለኝ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሐሙስስ ምን ልበል?»

እህቴ ሰላም ነው፣ መደመር መቀነሱ ላይ ምንም አልተሳሳትሽም፣ የተሳሳተው የወር ምርጫሽ ነው። ትልቁን ብርና ትንሹን ብር ነው የፈለግሽው አይደል፣ የካቲት 88,000 ስላለ ዓይንሽ እዛ ሄደ። ብዙ ተማሪ እዚሁ ጋ ነው የሚወድቀው። ሃይ እና ሎው የሚባለው ብሩ አይደለም፣ ብሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሥራ ነው፣ እዚህ ጋ የተሸጠው ክፍል ማለት ነው። ምክንያቱም እኛ ቫሪያብል ብለን ማወቅ የምንፈልገው አንድ ክፍል በተጨመረ ቁጥር መብራቱ ስንት ብር እንደሚጨምር ነው፣ ብሩ ግን ክፍል ሳይጨምርም በመቶ ምክንያት ሊያብጥ ይችላል።

ስለዚህ ብዙ ክፍል የተሸጠበት ጥር ነው፣ ያው ጥምቀት ያለበት ወር ነው፣ ከተማው ይሞላል። ትንሽ የተሸጠበት ሐምሌ ነው፣ ክረምት ነው። ብሩን ስታዪ 85,000 ሲቀነስ 50,000 ማለት 35,000 ነው፣ ክፍሉ ደግሞ 1,100 ሲቀነስ 400 ማለት 700 ነው። 35,000 ለ700 ሲካፈል በክፍል 50 ብር። ከዛ ጥርን ያዢና 1,100 በ50 አባዢው 55,000 ይመጣል፣ ከ85,000 ላይ ስትቀንሺው 30,000 ይቀራል፣ ይቺ ነች ክፍል ተሸጠም አልተሸጠም የማትቀረው ፊክስዷ። በሐምሌም ብትሞክሪው 50,000 ሲቀነስ 20,000 ያው 30,000 ነው። በሁለቱም ካልገጠመ የሆነ ቦታ ደምረሽ ተሳስተሻል ማለት ነው።

ግን ይሄ መግጠም ስሌቱን እንጂ ምርጫውን አይፈትንም፣ ያንቺም 100 ብርና 10,000 በሐምሌና በየካቲት በደንብ ይገጥማል። ምርጫሽን የሚፈትኑት ያልነካሻቸው ወሮች ናቸው። ያንቺን ቁጥር ጥር ላይ አድርጊው፣ 10,000 ሲደመር 110,000፣ 120,000 ብር ይላል፣ የተከፈለው ግን 85,000 ነው። አየሽ፣ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር የሚያድንሽ። አሁን በ30,000 እና በ50 ታኅሣሥን ስናየው 72,000 ይሰጣል የተከፈለው 72,600፣ ጥቅምት 65,000 ይሰጣል የተከፈለው 64,300፣ በጣም ቅርብ ነው። የካቲት ላይ ብቻ 69,000 መሆን ሲገባው 88,000 ሆኗል፣ 19,000 ብር ትርፍ አለ።

ሐሙስ ሰውየው የሚጠይቅሽ ይቺን 19,000 ይመስለኛል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ውዝፍ ነው፣ ያለፈ ሂሳብ ሳይከፈል ቀርቶ ከየካቲቱ ጋር ተደምሮ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ቢሉን ራሱን ስታዪ ይለያል። ውዝፍ ከሌለ የቆጣሪ ንባቡን ማየት ነው፣ አንባቢው ሳይመጣ ቀርቶ በግምት ተሞልቶ በኋላ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። እሱም ካልሆነ አዳራሹን ጠይቂ። ከዐቢይ ጾም በፊት ሰርጉ ሲደራረብ አዳራሹ፣ ማብሰያ ቤቱ፣ የድምፅ ዕቃው መብራት ይበላል፣ የሰርጉ ሰው ግን ክፍል አይዝም፣ በልቶ ጨፍሮ ቤቱ ነው የሚሄደው። እንዲህ ከሆነ ሂሳቡ አልተሳሳተም፣ ክፍል ብቻውን መለኪያ መሆኑ ነው የማይበቃው። የካቲትን ጣልኩት ብቻ ብለሽ እንዳታልፊ፣ ለምን እንደጣልሽው ተናገሪ።

ደግሞ ሐምሌን ሰጥተው ነሐሴን ለምን እንደዘለሉት ገርሞሽ ከሆነ እኔ እንደሚመስለኝ ጳጉሜን ፈርተው ነው። የኛ ወር ሁሉም 30 ቀን ስለሆነ ፊክስዱን ከወር ወር ማወዳደር ደስ ይላል፣ ነገር ግን ጳጉሜ ነሐሴ ላይ ከተለጠፈ 35 ቀን ይሆናል፣ በ30 ቀን 30,000 የነበረው ፊክስድ 35,000 ገደማ ይገባል ማለት ነው። ያንን ወር ሎው ብለሽ ብትይዢ የሎው ሂሳብ ያብጣል፣ ልዩነቱ ይጠብና ቫሪያብሉ ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። ቆጣሪው የሚነበብበት ቀንም እንደዛው ነው፣ ንባቡ ከ20 እስከ 20 ከሆነ ክፍሉንም ከ20 እስከ 20 መቁጠር አለብሽ።

ታሪፉ አንድ ነው ብላችሁ ያዙ ያሉት ለፈተና ነው፣ ሥራ ላይ እንደዛ አታገኚም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ስለሆነ የሐምሌን ብር ከጥር ብር ጋር ስታነጻጽሪ ግማሹ ልዩነት ክፍል ይሁን ዋጋ አይታወቅም፣ የዋጋው ጭማሪ ሁሉ ክፍሉ ላይ ይለጠፍና ቫሪያብሉ አላግባብ ያብጣል፣ ፊክስዱ ይሟሽሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሃይ-ሎውን በብር ሳይሆን ቢሉ ላይ ባለው የኪሎዋት ሰዓት ፍጆታ ሥሪው፣ መጨረሻ ላይ በዛሬው ታሪፍ አባዢው። ይሄን ሐሙስ ሳይጠይቅሽ ብትናገሪ ጥሩ ነው፣ መብራት የጠፋበትን ወርም አንሺ፣ ጀነሬተር ሲሠራ ወጪው ናፍጣ ላይ ስለሚመዘገብ የመብራቱ ሂሳብ ያነሰ ይመስላል።

30,000ዋ ምንድነች ቢልሽ ቢሉ ላይ ያለችው የአገልግሎት ክፍያ ነች እንዳትዪ፣ እሷማ ትንሽ ነገር ነች። የግቢ መብራት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ፍሪጅና ዲፕ ፍሪዘር፣ ሪሴፕሽን፣ እንግዳ ኖረም አልኖረም የሚሠራው ሁሉ ነው። እሱም ቢሆን ከ400 እስከ 1,100 ክፍል ባለው ውስጥ ነው የሚታመነው። እኔ ድሮ አንድ ሆቴል ስሠራ ለእድሳት ሁለት ወር ሲዘጋ በዚሁ ስሌት የወጣችውን ፊክስድ ባጀት ላይ ጻፍኳት፣ ፍሪጁም ፓምፑም ጠፍቶ የመጣው ሂሳብ የገመትኩትን ግማሽ እንኳ አልሞላም፣ ባለቤቱ ሳቀብኝ። ዜሮ ክፍል ላይ ያለውን ቁጥር ማንም አላየውም፣ መስመሩን ጎትተን ነው ያገኘነው።

ከሁለት ነጥብ በላይ የሚጠቀም ዘዴ የለም ወይ ካለሽ አለ በይው፣ ኤክሴል ላይ ሁሉንም ወር ሰጥተሽ በ`SLOPE` ቫሪያብሉን በ`INTERCEPT` ፊክስዱን ታወጫለሽ፣ ግን የካቲትን ሳታጣሪ ካስገባሻት እሱንም ታጣምምብሻለች።

ሐሙስ ስትሄጂ አንድ ነጭ ወረቀት ያዢና ሰባቱን ወር በነጥብ ሳዪው፣ ታች ክፍል፣ ጎን ላይ ብር። ስድስቱ ይሰለፋሉ፣ የካቲት ለብቻዋ ወደ ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ እሱን አሳዪውና «በብር መርጬ ነበር፣ ስህተቴ ይሄ ነው» በይው፣ ከዛ የካቲትን ቢል ማየት ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂው።