ምጸቱን የሚያውቀው ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«የቃል፣ የሁኔታና የመዋቅር ምጸት ሁሉም ‹ተቃራኒ› ይመስሉኛል። በምን ልለያቸው?»

ምጸቱን ማን እንደሚያውቀው ይጠይቁ። ተናጋሪው ራሱ እያወቀ ከቃሉ ሌላ ነገር ማለቱ ከሆነ የቃል ምጸት ነው። ድርጊቱ ከታሰበው ተገላብጦ ከወጣ የሁኔታ ነው። ተራኪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምሩን እያወራ ደራሲውና አንባቢው እሱ የማያየውን ካዩ ደግሞ መዋቅራዊ ነው። ይህን የመጨረሻውን በአንድ ጥቅስ ማስረዳት አይቻልም፤ ተራኪው ያላስተዋለውን ቢያንስ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ማሳየት ያስፈልጋል።

«በሪንግ ላርድነር አጭር ልቦለድ ‹ፀጉር ቆረጣ› (1925) ውስጥ ተራኪው ፀጉር ቆራጭ ስለ ከተማው ቀልደኛ ስለ ጂም ኬንዳል ሲያወራ፣ ልቡ ደህና እንደነበር ይናገራል። የቃል ምጸት ብዬ ብጽፍ መምህሬ ሰረዙት። ለምን?»

መምህርዎ ልክ ናቸው። ቃሉን ገልብጠው «ጂም ክፉ ነበር» ብለው ያንብቡት፤ ፀጉር ቆራጩ ይህን ማለቱ ነው? አይደለም፣ የሚያወራው ከልቡ ነው። ጂም ሚስቱንና ልጆቹን ሰርከስ አሳያችኋለሁ ብሎ በድንኳኑ በር ላይ ቀጥሯቸው ሳይመጣ ቀረ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ዶክተር ስቴር ከፍሎ አስገባቸው። ፀጉር ቆራጩ ይህን ሁሉ የሚተርከው የጂምን ቀልደኛነት ለማሳየት ነው። እኛ የምንሰማው ግን ጭካኔ ነው። ምጸቱ ያለው በአንዱ ቃል ላይ ሳይሆን በተራኪው ምርጫ ላይ ነው።

የቃል ምጸት ከፈለጉ ጂም ራሱ ጋ ይሂዱ። ባቡር ላይ ሆኖ የባለሱቆችን ስም ከሰሌዳ ላይ ይለቅምና ሚስታቸውን እንዲጠረጥሩ የሚያደርግ ፖስትካርድ ይልክላቸዋል፤ ከታች «ወዳጅህ» ብሎ ይፈርማል። ወዳጅ አለመሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል።

«የጂም አሟሟትስ? የሁኔታ ነው ወይስ የመዋቅር?»

ሁለቱም አለበት፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ነው። በሰው ሲያላግጥ የኖረው ጂም፣ ሲያላግጥበት በነበረው በአእምሮ ዘገምተኛው ፖል እጅ ባለ ጠመንጃ መሞቱ የሁኔታ ምጸት ነው። ፀጉር ቆራጩ ሞቱን ድንገተኛ አደጋ አድርጎ መቀበሉ ግን መዋቅራዊ ነው። ፍንጮቹን የሚያቀብለን እሱ ራሱ ነው፦ ዶክተር ስቴር የጂምን ዓይነት ቀልድ የሚሠራ ሰው በሕይወት መኖር የለበትም ብሎ ለፖል ተናግሯል፤ አሟሟቱን መርምሮ «ግልጽ አደጋ ነው» ያለውም ያው ዶክተር ነው። ፀጉር ቆራጩ እነዚህን ሁለት ነገሮች አያገናኛቸውም። ታሪኩም ግድያ ነው ብሎ በግልጽ ስለማይናገር «ፍንጮቹ ወደዚያ ይመራሉ» ብለው ይጻፉ።

«ታዲያ ስላቁ ማን ላይ ነው?»

ጂም ላይ ብቻ ካሉ ታሪኩን ያሳንሱታል፤ የእሱ ክፋት ከላይ ይታያል። ዋናው ዒላማ አብሮ የሳቀው ከተማ ነው፣ ፀጉር ቆራጩን ጨምሮ። ይህን ከመጻፍዎ በፊት ግን መዋቅራዊውን ምጸት አስረድተው ይጨርሱ፤ አለዚያ ድምዳሜዎ ያለ ማስረጃ ይቀራል።