ዐ እና ፀ፦ በፊደል መሃልና ከፊደል በላይ ስላሉት ጭረቶች

ልጆች፣ ወረቀት ላይ "ዐ" ጻፉ። መሃሏ ላይ አንድ አግድም ጭረት ጨምሩባት። "ፀ" ሆነች አይደል? በግሪክኛም እንደዚሁ ነው። ክቧ ኦሚክሮን ናት፣ መሃሏ ሲሰመር ደግሞ ቴታ ትሆናለች። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የግሪክ ብራናዎችን በማንበብ ነው። ብዙ ክርክር ካየሁባቸው ነገሮች አንዷ ይህች ጭረት ስለሆነች ዛሬ ስለ እሷ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ልማዱን እወቁ። የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊዎች አምላክ፣ ጌታ፣ ኢየሱስ፣ ክርስቶስ የሚሉትን ቃላት ሙሉውን አይጽፉም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል (አንዳንዴ ከመሃልም አንድ ሁለት) ብቻ ይጽፉና ከላይ አግድም መስመር ያሰምሩበታል። "ቴኦስ"፣ ማለትም አምላክ፣ ቴታና ሲግማ ብቻ ሆኖ ይጻፋል። ከጊዜ በኋላ አባት፣ ልጅ፣ መንፈስ፣ ሰው፣ ሰማይ፣ መስቀል፣ ዳዊት፣ ኢየሩሳሌም ሁሉ ተጨምረው ዝርዝሩ ወደ አሥራ አምስት ደረሰ። ሉድቪግ ትራውበ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1907 በላቲን "ኖሚና ሳክራ" ብሎ ሰየማቸው፤ ቅዱሳት ስሞች ማለት ነው። ብራና ለመቆጠብ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትቀበሉት። በሰፊ ኅዳግና በትልልቅ ፊደል የተጻፉ፣ ቦታ የተረፋቸው መጻሕፍት ውስጥም "ቴኦስ" ያጥራል፣ ከእሱ የረዘሙ ተራ ቃላት ግን ሙሉ ሆነው ይቀመጣሉ።

አሁን አነባበቡ። የመጨረሻዋን ፊደል አትናቁ፣ ሰዋስው ያለው እሷ ላይ ነው። ቴታና ሲግማ ከሆነ አምላክ ባለቤት ነው። ቴታና ኡፕሲሎን ከሆነ "የአምላክ"፣ ቴታና ኦሜጋ ከሆነ "ለአምላክ"፣ ቴታና ኑ ከሆነ "አምላክን" ይሆናል። እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ገጽ ስገለብጥ ያጠሩትን በሙሉ ከልማድ "ቴኦስ"፣ "ኪሪዮስ" እያልኩ ዘረጋኋቸው። መምህሬ ወረቀቱን መለሱልኝና "ያየኸውን ነው ወይስ የምታውቀውን ነው የጻፍከው?" አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ያየሁትን ፊደል ብቻ እጽፋለሁ፣ መስመሩንም ከላዩ አደርጋለሁ፣ የጎደለውን የምሞላው ቆይቼ በቅንፍ ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ደግሞ ከፊደል በላይ ያለ መስመር ሁሉ ቅዱስ ስም አይደለም። በመስመር መጨረሻ ላይ ኑ የምትባለው ፊደል ስትቀር በቦታዋ ጭረት ይደረጋል፤ ይቺ ጭረት ከመጨረሻው ፊደል አልፋ ወደ ኅዳጉ ትወጣለች፣ ስለዚህ ትለያለች። ቁጥርም በፊደል ተጽፎ ከላዩ ይሰመርበታል። ኢዮታና ኤታ ከላያቸው መስመር ካለ 18 ሊሆኑ ይችላሉ፤ "ኢየሱስ" የሚለው ስም ጥንታዊ አጭር ቅርጽም ራሱ ኢዮታና ኤታ ነው። የእኛን ፲፰ ልብ ብላችሁ እዩት። ፲ ከኢዮታ፣ ፰ ከኤታ የመጡ ናቸው፣ ከላይ ያለባቸው ጭረትም የግሪኩን ልማድ ያስታውሳል። የበርናባስ መልእክት በሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ የአብርሃም 318 ሰዎች የተተረጎሙት በዚሁ መንገድ ነው፦ 18ቱ ኢየሱስ፣ 300ን የሚወክለው ታው ደግሞ መስቀል። ታዲያ ቁጥሩን ከስሙ የምትለዩት በዙሪያው ባለው ነው። አጠገቡ የሚቆጠር ነገር ካለ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንደኛ ጢሞቴዎስ 3፥16። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ "በሥጋ የተገለጠ" ይላል። ብዙዎቹ የኋላ ዘመን የግሪክ ብራናዎች ግን "አምላክ በሥጋ ተገለጠ" ነው የሚሉት። ልዩነቱ ከየት መጣ? "ሆስ" የሚለው ቃል፣ "እርሱ፣ የ...ው" እንደማለት፣ በጥንቱ አጻጻፍ ኦሚክሮንና ሲግማ ብቻ ነው። "ቴኦስ" ሲያጥር ደግሞ ቴታና ሲግማ ከላያቸው መስመር ያለው። ስለዚህ ልዩነታቸው ሁለት ጭረት ብቻ ነው፣ አንዷ ክቧ ውስጥ፣ አንዷ ከላይ።

በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው ኮዴክስ አሌክሳንድሪኑስ፣ የ5ኛው ክፍለ ዘመን ብራና፣ ከቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ሉካሪስ ስጦታ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1627 እንግሊዝ ደረሰ። እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱም ጭረቶች ይታዩበት ነበር። "በቃ፣ ቴኦስ ነው" ተባለ። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የላዩ መስመር ቀለም ከዙሪያው ጽሑፍ ይጠቁራል፣ ማለትም በኋላ ሰው እጅ የተጨመረ ነው። ክቧ ውስጥ ያለችውስ? ዮሐን ያኮብ ቬትሽታይን የሚባል የባዝል ሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅጠሉን በሚገባ መረመረ። ብራናው ስስ ነው። በጀርባው፣ ልክ በዚያው ቦታ፣ ኤፕሲሎን ተጽፏል፣ ኤፕሲሎን ደግሞ መሃሏ ላይ ምላስ የመሰለ ጭረት አላት። የእሷ ምላስ በብራናው ውስጥ አልፋ ክቧ መሃል ትታያለች፣ እንደ ቴታ የምታስመስላትም እሷ ነች አለ። ከእሱ በኋላ ካዩት አንዳንዶቹ አልተስማሙለትም፣ ክርክሩ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ቀጠለ፣ ብዙ ሰው ከነካካው የተነሳ ቦታው ራሱ ፈዘዘ። ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ነገሩን የሚፈታው አሌክሳንድሪኑስ ብቻውን ሳይሆን ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው። እዚያ የመጀመሪያው ጸሐፊ ኦሚክሮንና ሲግማ ጻፈ፣ ከላይ መስመር የለም። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ አራሚ ደግሞ ከላዩ ቴታና ኤፕሲሎን ጨምሮ ሙሉ "ቴኦስ" አደረገው። ማረሙ ራሱ ምስክር ነው፣ ፊቱ የነበረው ቃል "ሆስ" ባይሆን ኖሮ ምን ይጨምር ነበር? በፓሪስ ያለው ኮዴክስ ኤፍሬሚም መጀመሪያ "ሆስ" ነበረው፣ በኋላ ታረመ። አቅጣጫው አንድ ነው። ምክንያቱም አይከብድም፦ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ "ምሥጢር" የሚለው የግሪክ ቃል ተባዕት አይደለም፣ "ሆስ" ግን ተባዕት ነው፣ ስለዚህ ለጸሐፊው ጆሮ ይጎረብጣል። "ጭረቷ ጠፍታ ነው" ብሎ በቅንነት ይሞላታል። ሆን ብሎ ያበላሸ አድርጋችሁ አትፍረዱበት።

እናንተ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የቀለሙን መልክ ከጎረቤት ፊደላት ጋር አስተያዩ። ክቧ ውስጥ ያለችው ጭረት ሁለቱን ጠርዝ ትነካለች ወይስ አንዱን አልፋ ትወጣለች? ያው ጸሐፊ እዚያው ገጽ ላይ የጻፋቸውን ሌሎች ቴታዎች ፈልጉና ውፍረታቸውን ለኩ። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጡ፣ ፎቶ ከሆነም የጀርባውን ገጽ ምስል እንደ መስተዋት ገልብጣችሁ ከፊቱ አጠገብ አድርጉት፣ ከጀርባ የሚያልፍ ቀለም ካለ የት ላይ እንደሚያርፍ ያን ጊዜ ይታያችኋል። የሲናይቲከስ ፎቶ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ አለ። ዛሬ ማታ ክፈቱና ጥቅሱን ፈልጉ። ከኦሚክሮኗ በላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፊደላት ስታገኙ ቀለማቸውንና አጻጻፋቸውን ከታች ካለው ጽሑፍ ጋር አወዳድሩ።