ለደሴና ኮምቦልቻ መንገድ የትኛው መኪና ይሻላል?

«ደሴ ተቀምጬ፣ ኮምቦልቻም እየተመላለስኩ በስልክ ጥሪ ታክሲ ልሠራ ነው። ያገለገሉ አንድ ሊትር ሞተር ያለው አውቶማቲክ ቪትዝና ማንዋል ዲዛየር ቀርበውልኛል። ቪትዙ ነዳጅ ይቆጥባል ይሉኛል። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሥራህ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ብቻ ቢሆን ቪትዙን አልቃወምም ነበር። ኮምቦልቻ ካለበት ግን ዲዛየሩን ውሰድ።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ የጉልበቱን አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። ስለዚህ ባለ አንድ ሊትሩ ቪትዝ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የሚወራለት ቁጠባም እዚያው ይቀራል። የዲዛየሩ 1.2 ሊትር ሞተር ያንኑ ጭነት በሦስተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ይወጣል።

የሰው ወሬ ትተህ ራስህ ለካ። ማደያ ላይ ሙሉ ሞልተህ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፤ ሠርተህበት እዚያው ማደያ እንደገና ሙላ። ለምሳሌ 240 ኪሎ ሜትር ሄዶ 18 ሊትር ከጠጣ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር ማለት ነው። ሌላው 6.5 ቢሆን፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ አንድ ሊትር ተኩል ነው። ይህን ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ዋጋ ጋር አስተያየው።

ቪትዙ ላይ የሚያሰጋኝ ካምቢዮው ነው። በብረት ቀበቶ የሚሠራ ከሆነ ረጅም ዳገት ያግለዋል፤ የራሱ ልዩ ዘይት ካልተቀየረለት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መጠን የሚያሳይ ቀስት የላቸውም፤ ቀይ መብራት ሲበራ ሞተሩ ቀድሞ ግሏል።

ዲዛየሩንም ሳትፈትን እንዳትከፍል። አራት ሰው ጭነህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጣ። በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጠው የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ስትመለስ በሦስተኛ ማርሽ እየያዝክ ውረድ፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከረገጥከው የሚነድ ሽታ ይመጣል፣ እግርህም ወደ ታች ይሰምጣል። ማርሽ እየያዝክ ወርደህም ሽታው ከመጣ ሸራዎቹን አስፈትሽ። ሻጩ ይህን ጉዞ ካልፈቀደልህ ሌላ መኪና ፈልግ።

ምቾትን በተመለከተ፣ ተሳፋሪ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ ለእሱ የዲዛየሩ የኋላ ዕቃ መጫኛ በቂ ነው፣ የቪትዙ ጠባብ ነው። ለራስህ ደግሞ የሹፌሩ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ። ያገለገለ መኪና ስፖንጁ በአንድ ጎን ይሰምጣል፤ ወገብህ ወደ በሩ ካዘነበለ፣ ከመግዛትህ በፊት ስፖንጁን ማስቀየሪያ ከዋጋው አስቀንስ።