ጀርመን ለመማር ሒሳቡን በዩሮ ያዘው

«ጀርመን ማስተርስ ተቀብለውኛል። ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ብሎክድ አካውንቱን ቤተሰብ ይሸፍንልኛል፣ ከዚያ እየሠራሁ እኖራለሁ ብዬ ነው። በጠቅላላው ስንት ብር ይበቃኛል?»

ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። የሚያደክምህን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ።

1. በብር አታስላ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ለቪዛ በብሎክድ አካውንት፣ የዓመት መኖሪያህ ተቆልፎ በየወሩ በሚለቀቅልህ ሒሳብ ማለት ነው፣ የሚያስፈልገው 11,208 ዩሮ ነበር። ዩሮ በባንክ 62 ብር ገደማ ስለነበር አባቴ 700 ሺህ ብር አሰባሰበ። ዩሮውን ለመግዛት ባንክ ስንሄድ ዶክመንታችን ሙሉ ነበር። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ግን «ወረፋ ጠብቁ» ብላ መለሰችን። በሌላ ቀን ስንሄድ ደግሞ የተቀባይነት ደብዳቤው ማኅተም የለውም አለች። ጀርመን ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤውን ያለ ማኅተም በፒዲኤፍ ነው የሚልከው ብንላት ቀና ብላ እንኳን አላየችንም። አባቴን በዚያ ዕድሜው እንዲያ ማመናጨቋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛ ስንመላለስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደረሰ። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ዩሮ ከ120 ብር አለፈ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጀርመኖቹ መጠኑን ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ አደረጉት፣ በወር 992 ማለት ነው። 700 ሺህ ይበቃል ያልነው ነገር ከ1.4 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ያዳነችን ዋሽንግተን ያለች አክስቴ ናት። ጉድለቱን በቀጥታ ወደ ብሎክድ አካውንቱ አስገባችልን። ገንዘቡን ሌላ ሰው ከውጭ ማስገባት ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ካለህ ዛሬውኑ አነጋግር። ባንክ ደግሞ አንድ ብቻ አትያዝ፣ ሁለት ሦስት ቦታ አመልክት።

2. «ነፃ» የሚለውን አጣራ። ባደን ቩርተምበርግ ክልል ከሆነ የደረሰህ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላሉ። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024/25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲስ ገቢዎችን ያስከፍላል፣ ለማስተርስ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ። በሌላው ቦታ በአብዛኛው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው፣ ከ100 እስከ 400 ዩሮ።

3. ለመጀመሪያው ወር ለብቻው ገንዘብ ያዝ። ብሎክድ አካውንቱ ወርሃዊውን የሚለቅልህ እዚህ የባንክ ሒሳብ ከፍተህ ካስመዘገብክ በኋላ ነው። ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ ብዙ ባንክ የአድራሻ ምዝገባ ይጠይቃል። አድራሻ የሚመዘገበው ቤት ሲገኝ ነው፣ ቤት የሚሰጠው ደግሞ መያዣ ሲከፈል ነው። መያዣው በሕግ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ይደርሳል። ግን በሦስት ወር ከፍሎ መጨረስ መብትህ ነው፤ አከራዩ አይነግርህም፣ አንተ ንገረው። እኔ የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ክፍሌ 350 ዩሮ ነበር። የጤና መድን በእኔ ጊዜ 140 ገደማ ነበር፣ ግን 30 ዓመት ከሞላህ የተማሪው ዋጋ ስለማይሠራልህ በጣም ይጨምራል። ምግብ ቤቴ እያበሰልኩ 200 ይበቃኝ ነበር። ሙኒክ ከሆንክ ይህን ሒሳብ እርሳው፤ ኪራዩ ብቻ ከግማሽ በላይ ይወስድብሃል።

አሁን ወደ ሥራው። «ከዚያ እየሠራሁ» ያልከው ነው የሚያሳስበኝ። ሁለተኛ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ስታድስ፣ ለቀጣዩ ዓመትም በወር 992 እንዳለህ አሳይ ትባላለህ። ሚኒጆብ የሚባለው አነስተኛ የትርፍ ጊዜ ሥራ በ2025 በወር የሚያስገኘው ቢበዛ 556 ዩሮ ነበር። በዚያ ሒሳብ በወር 436 ይጎድልሃል፣ በዓመት 5,232። ይህን ጉድለት ከአሁኑ በሒሳብህ ውስጥ አስገባው።

ተማሪ ሠራተኛ ሆነህ በሳምንት 20 ሰዓት ከሠራህ፣ በ2025ቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 12.82፣ የጡረታው ተቀንሶ ወደ 1,000 ዩሮ ትጠጋለህ። ይህ ይበቃል። ችግሩ ጀርመንኛ ለማይችል እንዲህ ያለው ሥራ ቶሎ አይገኝም። እኔ የመጀመሪያውን ሴሚስተር መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየደረደርኩ፣ ማታ ጀርመንኛ እየተማርኩ አሳለፍኩ። የፈተና ወር ሲመጣ ሰዓት ይቀነሳል፣ ገቢም አብሮ ይወርዳል። ቋንቋው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ሲደርስ ግን በሙያዬ ሥራ አገኘሁ። የሁለተኛውን ዓመት ከቤተሰብ አንድ ዩሮ ሳልወስድ ነው የጨረስኩት፣ ኮራሁበትም። የመኖሪያ ፈቃዴንም በሥራ ውሌና በደመወዝ ወረቀቶቼ አሳደስኩ።

ስለዚህ ለሁለት ዓመት ማስተርስ እንዲህ ደምር፦ 11,904 ለመጀመሪያው ዓመት፣ 1,500 ገደማ ለመግቢያ ወር፣ 5,232 ለሁለተኛው ዓመት ጉድለት። 18,600 ዩሮ አካባቢ ይመጣል፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ካለ ለብቻው ነው። ወደ ብር የምትቀይረው ባንክ በምትሄድበት ቀን ምንዛሪ ነው፣ ዛሬ በምታየው አይደለም።